የዕድሜ ልክ አበል ዋጋ እንዴት ይሰላል? በሃሌይ ሰንጠረዥ ደረጃ በደረጃ

አንድ የ70 ዓመት ሰው መጥቶ እንዲህ አላችሁ እንበል፦ «ዛሬ ጠቅለል ያለ ገንዘብ ልስጣችሁ። እናንተ ደግሞ እስክሞት ድረስ በየዓመቱ 100 ፓውንድ ክፈሉኝ።» ስንት ትጠይቁታላችሁ? በስድስተኛው ወር ቢሞት ምንም ሳትከፍሉ ገንዘቡ ለእናንተ ይቀራል። 97 ዓመት ቢሞላው 27 ጊዜ ትከፍላላችሁ። የሚሞትበትን ቀን እሱም አያውቀው፣ እናንተም አታውቁት።

እንዲህ ያለው ውል የዕድሜ ልክ አበል ነው። ጡረታም በባሕርዩ ከዚህ አይለይም፤ ብቻ ጡረተኛው ዋጋውን የሚከፍለው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሥራ ዘመኑ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው።

ብዙ ሰው ወደዚህ ስሌት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሰውየው ስንት ዓመት ይኖራል?» ብሎ ነው። በዚህ ጥያቄ ከጀመራችሁ ዋጋው ይሳሳታል። ምን ያህል እንደሚሳሳት ወደ ኋላ በቁጥር አሳያችኋለሁ። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ክፍያ ለብቻው መያዝ ነው። የአንደኛውን ዓመት ክፍያ ለመቀበል በሕይወት የመገኘት ዕድሉ ስንት ነው? የሁለተኛውንስ? የሃያኛውንስ? እያንዳንዱ ክፍያ በዚያ ዕድል ይባዛል፣ በወለድ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመለሳል፣ ከዚያ ሁሉም ይደመራል። ባለሙያዎች የሚጠበቅ የአሁን ዋጋ የሚሉት ይህንን ድምር ነው።

ስሌቱን በእውነተኛ ሰንጠረዥ እንሠራዋለን። ኤድመንድ ሃሌይ በፈረንጆች 1693 ያወጣውን እንወስዳለን (ጅራታሟ ኮከብ በስሙ የተጠራችለት ሃሌይ ማለት ነው)። ዛሬ ማንም በዚህ ሰንጠረዥ ውል አይሸጥም። የመረጥኩት ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑና ሥራውን በስልክ ካልኩሌተር እንኳ መከታተል ስለሚቻል ነው። የስሌቱ መንገድ ግን የኢንሹራንስና የጡረታ ስሌት ባለሙያዎች የሆኑት አክቹዋሪዎች ዛሬ ከሚሠሩበት አይለይም።

ደረጃ 1፦ የሕይወት ሰንጠረዡን ማንበብ

ሃሌይ ቁጥሮቹን ያገኘው ከብሬስላው ከተማ ነው። ዛሬ ቭሮትስዋፍ ትባላለች፣ ያለችውም ፖላንድ ውስጥ ነው። ካስፓር ኖይማን የሚባል የከተማዋ ፓስተር ከ1687 እስከ 1691 የተወለዱትንና የሞቱትን፣ የሟቾቹንም ዕድሜ መዝግቦ ነበር። መዝገቡ ለንደን፣ ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የሳይንስ ማኅበር ዘንድ ደረሰ። ሃሌይ ከለንደን መዝገብ ይልቅ ይህን የመረጠበት ምክንያት ነበረው። ለንደን ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚኖርባት ሰው እጅግ ብዙ ነበር። ስለዚህ እዚያ የሚሞተው ሰውና እዚያ የሚወለደው ሰው አይመጣጠኑም። ብሬስላው ግን ከባሕር የራቀች፣ መጤ ያልበዛባት ከተማ ነበረች።

ሰንጠረዡ ከ1000 ሕፃናት ይጀምርና በየዕድሜው ስንት ሰው በሕይወት እንዳለ ይነግረናል። እኛ የምንፈልገው ከ70 ጀምሮ ያለውን ነው፦

```
70:142   71:131   72:120   73:109   74:98
75:88    76:78    77:68    78:58    79:49
80:41    81:34    82:28    83:23    84:20
```

ከ84 በኋላ ሃሌይ ዕድሜን በዕድሜ አልዘረዘረም። ከ85 እስከ 100 በየዕድሜው በሕይወት የሚገኙትን ደምሮ በአንድ ላይ 107 ብሎ አስቀምጧል። ይህ 107 ወደ ኋላ ትንሽ ሥራ ያስገድደናል።

ደረጃ 2፦ የመኖር ዕድልን ማውጣት

የ70 ዓመቱ ሰው 71 የመድረስ ዕድሉ 131 ለ142 ነው፤ ይኸውም 0.9225። 72 የመድረስ ዕድሉ 120 ለ142፣ ማለትም 0.8451 ነው። 80 የመድረስ ዕድሉ ደግሞ 41 ለ142 ይሆናል፤ 0.2887 ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪ በብዛት ይስታል። ሰንጠረዡ ከ1000 ስለሚጀምር 131ን ለ1000 ያካፍላል። ያ የሚነግረን አንድ ሕፃን 71 ዓመት የመድረስ ዕድሉን ነው። ደንበኛችን ግን ሕፃን አይደለም፤ 70 ዓመቱን ቀድሞ አልፏል። ከእሱ በፊት የሞቱት 858 ሰዎች በእሱ ዋጋ ላይ ምንም ድርሻ የላቸውም። ስለዚህ ማካፈያው ሁልጊዜ ዛሬ ባለበት ዕድሜ ያለው ቁጥር ነው። ስህተቱን ለመያዝ አንድ ቀላል ፈተና አለ። በዛሬው ዕድሜ፣ በዜሮኛው ዓመት፣ የመኖር ዕድሉ በትክክል 1 መምጣት አለበት። 0.142 ከመጣ ማካፈያው ተሳስቷል።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት የአንድ ዓመቱን ዕድል በየዓመቱ ደጋግሞ ማባዛት ነው። 0.9225ን በራሱ አሥር ጊዜ ብናባዛ 0.446 ገደማ ይመጣል። ሰንጠረዡ ግን 0.2887 ይላል። ሰው ባረጀ ቁጥር የመሞት ዕድሉ ይጨምራልና የአንዱን ዓመት ዕድል ለሌላው መገልበጥ አይቻልም።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን ወደ ዛሬ ማምጣት

ሃሌይ 6 በመቶ ወለድ ተጠቅሟል፤ እኛም እንከተለው። ዛሬ 1 ፓውንድ ብናስቀምጥ በዓመቱ 1.06 ይሆናል። ስለዚህ ከዓመት በኋላ የሚከፈል 1 ፓውንድ ዛሬ 1÷1.06 ማለትም 0.9434 ያወጣል። በሁለት ዓመት የሚከፈለው 0.8900፣ በሦስት ዓመት የሚከፈለው 0.8396፣ በአሥር ዓመት የሚከፈለው 0.5584 ያወጣል። የአንድ ዓመቱን ቅናሽ፣ 0.9434ን፣ v እያልን እንጽፈዋለን።

ደረጃ 4፦ ማባዛትና መደመር

ቀመሩ ይህ ነው፦

```
a(70) = [ l(71)·v + l(72)·v² + l(73)·v³ + ... ] / l(70)
```

a(70) ማለት ለ70 ዓመት ሰው በዓመት 1 ፓውንድ የሚከፍለው ውል ዋጋ ነው፤ l ማለት በዚያ ዕድሜ በሕይወት ያሉ ሰዎች ቁጥር ነው። በየመስመሩ ለ142 ከማካፈል ይልቅ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ማካፈሉ ይቀላል።

ክፍያው በዓመት 1 ፓውንድ ይሁንና የመጀመሪያዎቹን እንሥራ። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ 131 ሰዎች ይቀበላሉ፤ 131 × 0.9434 = 123.58። በሁለተኛው 120 × 0.8900 = 106.80። በሦስተኛው 109 × 0.8396 = 91.52። እንዲህ እያልን እስከ 84 ዓመት ስንደርስ የመጨረሻው መስመር 20 × 0.4423 = 8.85 ይሆናል። አሥራ አራቱም ሲደመሩ 705.24 ይመጣሉ። ለ142 ሲካፈል 4.97።

ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚወርዱ ልብ በሉ። ከ123 ተነስተው 8 ላይ ደረሱ። ሁለት ነገሮች አብረው ይጎትቷቸዋል፤ ሰዎቹ ይቀንሳሉ፣ ገንዘቡም ጊዜው በራቀ ቁጥር ዛሬ ያለው ዋጋ ያንሳል። ከጠቅላላው ዋጋ ግማሽ በላይ የሚሆነው ከመጀመሪያዎቹ አምስት ክፍያዎች የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ ጭራውን አለመተው

ገና አልጨረስንም። ከ84 በላይ ያሉት 107 ክፍያዎች ቀርተዋል። እነሱን መተው ማለት ደንበኛውን «84 ሲሞላህ ክፍያው ይቆማል» እንደማለት ነው። የዕድሜ ልክ ውል ደግሞ እንዲህ አይባልበትም።

መዘርዝር ስለሌለን በግምት እናከፋፍላቸው። ከ85 እስከ 97 ባለው ዕድሜ ላይ 19፣ 17፣ 14፣ 12፣ 11፣ 9፣ 7፣ 6፣ 5፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1 ብዬ ደርድሬያቸዋለሁ። ድምራቸው 107 ነው፣ አወራረዳቸውም ከ84ቱ 20 ጋር ይገጥማል። በየቅናሻቸው ሲባዙ 37.13 ይሰጣሉ። ጠቅላላው 742.37 ሆነ፤ ለ142 ሲካፈል 5.23። ስለዚህ በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገኘው ውል ዛሬ 523 ፓውንድ ያወጣል።

«ግምትህ ቢሳሳትስ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልሱም በቁጥር ይገኛል። ጭራውን ጨርሶ ብንተወው 4.97 ነበር። 107ቱም ክፍያዎች በሙሉ በ85 ዓመት ተከፈሉ ብንል ደግሞ፣ ያ ሊሆን የሚችለው ትልቁ ዋጋ ነው፣ 5.28 ይመጣል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው። የኔ ድርደራ ትንሽ ቢዛነፍ ዋጋው በመቶኛ ቤት ነው የሚነቃነቀው። የማታውቁት ነገር ሲኖር እንዲህ ከላይና ከታች ማጠር ከሁሉ ይሻላል።

ሃሌይ ራሱ ለ70 ዓመት ያተመው 5.32 ነው። ከኛ 5.23 በጥቂቱ ይበልጣል። ከላይኛው ወሰናችን ከ5.28ም ስለሚበልጥ ልዩነቱ ከጭራው ብቻ የመጣ ሊሆን አይችልም። ሃሌይ ስሌቱ እጅግ አድካሚ መሆኑንና አቋራጭ ተጠቅሞ እንደሠራው ጽፏል። በዚያ ዘመን፣ በእጅ፣ ሁለት በመቶ እንኳ የማይሞላ ልዩነት መገኘቱ ያስደንቀኛል።

በኤክሴል ስትሠሩት

A ዓምድ ላይ ከ0 እስከ 27 ዓመቱን፣ B ላይ በሕይወት ያሉትን ሰዎች ቁጥር፣ C ላይ ቅናሹን አስገቡ። የመጀመሪያው መስመር ርዕስ ስለሆነ 142 B2 ላይ ይቀመጣል።

```
C3:  =1.06^-A3
a:   =SUMPRODUCT(B3:B29,C3:C29)/B2
```

ሁለተኛ መንገድም አለ፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ከታች ወደ ላይ ይሠራል። መጨረሻው ዕድሜ ላይ ዋጋው 0 ነው፤ ከዚያ በኋላ ክፍያ የለምና። ከዚያ አንድ ዓመት ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ እንዲህ ትላላችሁ፦ የዛሬው ዋጋ ማለት ቀጣዩን ዓመት የማየት ዕድል፣ ሲባዛ በአንድ ዓመት ቅናሽ፣ ሲባዛ ያኔ በሚከፈለው 1 እና ያኔ በሚኖረው ዋጋ ድምር።

```
D29: 0
D28: =(B29/B28)/1.06*(1+D29)
```

ይህን ቀመር እስከ D2 ድረስ ወደ ላይ ገልብጡት። D2 ላይ 5.23 ካልመጣ አንዱ ቦታ ላይ መስመር ተዛንፏል ማለት ነው። ሁለቱ መንገዶች ተመሳሳይ መልስ ካልሰጡ ዋጋውን ለማንም አትናገሩ። የዚህ መንገድ ሌላው ጥቅም የየዕድሜውን ዋጋ በአንድ ጊዜ መስጠቱ ነው። ከ70 በላይ 69፣ 68 እያላችሁ ብትጨምሩም ያው ነው። ሃሌይ ከ65 እስከ 69 ላለው ዕድሜ ያስቀመጣቸው ቁጥሮች 192፣ 182፣ 172፣ 162፣ 152 ናቸው። ጨምሯቸውና የ65 ዓመት ሰው ዋጋ 6.47 ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሃሌይ 6.54 ነው።

ደረጃ 6፦ ዋጋው ይበቃል? ሣጥኑን ማስኬድ

ቀመር ያላሳመነው ሰው በዚህ ይመን። 142ቱም የ70 ዓመት ሰዎች እያንዳንዳቸው 5.228 ፓውንድ ከፈሉና ሣጥን ውስጥ 742.37 ገባ። ዓመቱን 6 በመቶ ወልዶ 786.91 ሆነ። በሕይወት ላሉት 131 ሰዎች አንድ አንድ ፓውንድ ሲከፈል 655.91 ቀረ። በሁለተኛው ዓመት 695.27 ይሆንና 120 ሲከፈል 575.27 ይቀራል። በሦስተኛው 609.79 ሆኖ 109 ይወጣል፤ 500.79 ይቀራል። በዚሁ ብትቀጥሉ፣ በ84 ዓመት ላሉት 20 ሰዎች ከተከፈለ በኋላ ወደ 84 ፓውንድ ይቀራል፤ ገና 107 ክፍያ ከፊት አለ። ወለዱ ያግዝና የመጨረሻው ሰው በ97 ዓመቱ ክፍያውን ሲቀበል ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። አልተረፈም፣ አልጎደለምም።

ይህን ማስኬድ አንድ ነገር ይገልጣል። አንድ ሰው ብቻውን፣ ከማንም ጋር ሳይቀላቀል፣ እስከ 97 ዓመቱ በየዓመቱ 1 ፓውንድ እንዳያጣ ቢፈልግ ስንት ማስቀመጥ አለበት? 27 ክፍያዎች በ6 በመቶ ዛሬ 13.21 ያወጣሉ። በውሉ ግን 5.23 በቃው። ልዩነቱን የሸፈኑት ቀድመው የሞቱት ናቸው። በዕድር ብዙዎች አዋጥተው ሰው የሚሞትበትን ቤተሰብ ይደግፋሉ፤ እዚህ ደግሞ የሞቱት መዋጮ በሕይወት የቀሩትን ይደግፋል። ሻጩ የሚያተርፈው ሰው ስለሞተበት ነው የሚለው ሐሜት ዋጋው በትክክል ከተሰላ አይሠራም። የሟቹ ገንዘብ ለቀሪዎቹ ነው የሚሄደው።

«በአማካይ ስንት ዓመት ይኖራል» የሚለው ወጥመድ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ከ71 ጀምሮ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ፣ ጭራውን ጨምረን፣ ስንደምር 1052 ይመጣል። ለ142 ስናካፍል 7.41። ማለትም የ70 ዓመቱ ሰው በአማካይ 7.41 ክፍያ ይቀበላል። ታዲያ ለምን ለ7.41 ዓመት ብቻ በቁርጥ የሚከፈል ገንዘብ ዋጋ አውጥተን አንገላገልም?

ብናወጣ 5.84 ይሆናል። ትክክለኛው 5.23 ነበር። ደንበኛው 12 በመቶ ገደማ ያለአግባብ ከፈለ ማለት ነው። በ100 ፓውንድ ውል ላይ 523 መክፈል ሲገባው 584 ከፈለ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከአማካዩ አምስት ዓመት ቀድሞ የሚሞተው ሰው ሻጩን የሚያድነው በቅርብ ዓመታት ያሉ ክፍያዎችን ነው። እነዚያ ደግሞ ዛሬ ውድ ናቸው። ከአማካዩ አምስት ዓመት አልፎ የሚኖረው ሰው የሚጨምርበት ክፍያ ሩቅ ነው፤ ሩቅ ክፍያ ዛሬ ርካሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አይጣጣፉም። ሁሉንም ሰው አማካይ ላይ መቸንከር ይህን ልዩነት ያጠፋዋል፣ ዋጋውንም ሁልጊዜ ወደ ላይ ያዛባዋል። ወለዱ ዜሮ ከሆነ ብቻ ሁለቱ መንገዶች እኩል ይመጣሉ።

ክፍያው መቼ ነው? ወለዱስ?

እስካሁን ክፍያው በዓመቱ መጨረሻ ነው ብለናል። ደንበኛው የመጀመሪያውን ክፍያ ውሉን በፈረመበት ዕለት ከፈለገ 1 ብቻ ትጨምራላችሁ፤ 6.23 ይሆናል። ያ ክፍያ ዛሬ ስለሆነ ቅናሽም የሞት ሥጋትም የለበትም። ዓመታዊው 1 ፓውንድ በአሥራ ሁለት ተከፍሎ በየወሩ መጨረሻ እንዲከፈል ከተፈለገ ባለሙያዎች በዓመት መጨረሻው ዋጋ ላይ 11÷24፣ ማለትም 0.46 ገደማ ይጨምራሉ። የኛ 5.23 ወደ 5.69 ይወጣል። ግምታዊ ነው፣ ለአብዛኛው ሥራ ግን ይበቃል። ስለዚህ ሁለት ዋጋዎችን ስታወዳድሩ መጀመሪያ የክፍያ ቀኑን ጠይቁ። በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ የቀኑ ልዩነት ብቻ ዋጋውን በአምስተኛ ገደማ ሊያንረው ይችላል።

ወለዱ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ6 በመቶ 5.23 የነበረው በ3 በመቶ 6.15 ይሆናል፣ በዜሮ 7.41። ትክክለኛው ወለድ የትኛው ነው? ሻጩ ገንዘቡን አስቀምጦ በእርግጥ ሊያገኝ የሚችለው፣ ያውም ክፍያው እስከሚዘልቅበት ዘመን ድረስ የሚያገኘው ነው። የዘንድሮን ጥሩ ወለድ ይዞ ለ27 ዓመት ቃል መግባት አደጋ ነው።

ክፍያው ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ የሚያድግ ከሆነስ? በ4 በመቶ ያድጋል እንበል፤ ወለዱ 6 ነው። ቅናሹን በ1.06÷1.04 አድርጉት፤ 1.9 በመቶ ወለድ እንደመጠቀም ነው። ለዓመቱ መጨረሻ ክፍያ የመጀመሪያው መጠን 1.04 ይሁን ወይስ 1 የሚለውን ግን ውሉ ላይ አይታችሁ ወስኑ። ብር በፍጥነት በሚረክስበት አገር የማያድግ የዕድሜ ልክ ክፍያ ዋጋው በስሌት ትክክል ቢሆንም እንኳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለተቀባዩ ምንም አይፈይድም።

ትልቁ ጥያቄ፦ የማን ሰንጠረዥ?

ቀመሩን ሁሉም ያውቀዋል። ሻጮች የከሰሩት በሰንጠረዥ ነው።

ሃሌይ ጽሑፉን ሲያወጣ የእንግሊዝ መንግሥት ለጦርነት ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። በ14 በመቶ የዕድሜ ልክ አበል ይሸጥ ነበር፤ ይኸውም በዓመት ለሚከፈል 1 ፓውንድ 7 ፓውንድ ገደማ መቀበል ማለት ነው። ዕድሜ አይጠየቅም። በኛ ስሌት የ70 ዓመቱ ሰው ውል 5.23 ስለሚያወጣ 7 መክፈሉ ኪሳራ ነው። ለ10 ዓመት ልጅ ግን ሃሌይ ያወጣው ዋጋ 13.44 ነበር። ግማሽ ዋጋ መሆኑ ነው። ሃሌይ ራሱ ይህን ለአንባቢዎቹ አመልክቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት ዕድሜ ሳይለይ ሲሸጥ የጄኔቫ ባንከኞች ፈንጣጣ ይዟቸው የዳኑ ጤናማ ትንንሽ ልጃገረዶችን መርጠው፣ ልጆቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ የሚከፈል ውል ገዙ። ክፍያው ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ።

ዕድሜን መለየትም ብቻውን አይበቃም። በ1808 የእንግሊዝ መንግሥት እንደገና የዕድሜ ልክ አበል መሸጥ ሲጀምር የኖርዝሃምፕተን ሰንጠረዥ የሚባለውን ተጠቀመ። ሰንጠረዡ ከእውነቱ በላይ ብዙ ሰው እንደሚሞት የሚያሳይ ነበር። የሕይወት ኢንሹራንስ ለሚሸጥ ድርጅት እንዲህ ያለው ስህተት ትርፍ ነው፤ ከተጠበቀው ያነሰ ሰው ይሞታልና። አበል ለሚሸጥ ግን ተቃራኒው ነው፤ ገዢዎቹ አይሞቱለትም። የመንግሥት አክቹዋሪ የነበረው ጆን ፊንሌይሰን የገዢዎቹን ትክክለኛ የሞት መዝገብ መርምሮ መንግሥት እየከሰረ መሆኑን አሳየ፤ ሪፖርቱም በ1829 ወጣ።

የዕድሜ ልክ አበል የሚገዛ ሰው ከሕዝቡ በዕጣ የወጣ ሰው አይደለም። ራሱን ጤናማ ብሎ የሚያስብ፣ እናቱም አባቱም ዕድሜ የጠገቡለት፣ ጥሪት ያለው ሰው ነው። በጠና የታመመ ሰው ጠቅላላ ገንዘቡን ሰጥቶ ይህን ውል አይገዛም። ስለዚህ ከሕዝብ ቆጠራ የተወሰደ ሰንጠረዥ ለሻጩ ሁልጊዜ ርካሽ ዋጋ ያወጣለታል። ዛሬ አክቹዋሪዎች የአበል ገዢዎችን ብቻ የሚከታተል የተለየ ሰንጠረዥ የሚጠቀሙት፣ በዚያም ላይ ወደፊት ሰው የበለጠ እየኖረ እንደሚሄድ ግምት የሚጨምሩት ለዚህ ነው። በ2026 የ70 ዓመት ሰው 90 ሲደርስ የሚኖርበት ዘመን 2046 ነው፤ የዛሬ የ90 ዓመት ሰዎች የሞት ቁጥር ለእሱ በትክክል አይገጥምም።

የራሳችሁ የገዢዎች መዝገብ ከሌላችሁ አንድ አሮጌ ግን ጠቃሚ መላ አለ፤ ዕድሜን ወደ ኋላ መሳብ። የ70 ዓመቱ ደንበኛ ጤናው እንደ 65 ዓመት ሰው ነው ብላችሁ ዋጋውን ከ65 መስመር ላይ አንብቡ። በሃሌይ ሰንጠረዥ 5.23 የነበረው 6.47 ይሆናል። 24 በመቶ ጭማሪ ነው። የሥራ ማስኬጃና መጠባበቂያ ከመጨመራችሁ በፊት ይህንን ሁለተኛ ዋጋ አስሉ፣ ከመጀመሪያው ጎን አስቀምጡት። በመጀመሪያው ዋጋ ሸጣችሁ ሁለተኛው እውነት ሆኖ ቢገኝ ከእያንዳንዱ የ100 ፓውንድ ውል 124 ፓውንድ ይጎድላችኋል፤ ጉድለቱ የሚታየውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይደለም። ሣጥኑ መሳሳቱን የሚያሳየው ደንበኞቹ 80 ካለፉ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዋጋውን ከፍ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ በየዓመቱ መጨረሻ በሰንጠረዡ መሠረት መሞት የነበረባቸውን ሰዎች ቁጥር በትክክል ከሞቱት ጋር አስተያዩ። በመጀመሪያው ዓመት ከ142 ሰዎች 11 ይሞታሉ ብላችሁ ነበር። 7 ብቻ ከሞቱ አንድ ዓመት ምንም አያረጋግጥም፤ ሦስትና አራት ዓመት በተከታታይ እንዲያ ከሆነ ግን ለሚቀጥለው ደንበኛ በዚያው ሰንጠረዥ አትሽጡ።